ስም ጾታውን ከየት ያገኛል?



አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ ከፍቶ ከግርጌው «አንድሬያ» የሚል ስም ቢያገኝ፣ መልሱን ለመጻፍ ብዕሩን ሲያነሣ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። መልሱ የሚሄደው ለወንድ ነው ወይስ ለሴት? ደብዳቤው ከሮማ የመጣ እንደ ሆነ «አቶ» ቢል ብዙውን ጊዜ አይሳሳትም። ከበርሊን ወይም ከቡዳፔስት የመጣ እንደ ሆነ ግን «ወይዘሮ» ማለት ይቀርበዋል። ስሙ አንድ ነው፤ አጻጻፉም አንድ ነው፤ የተለወጠው ደብዳቤው የተነሣበት ከተማ ብቻ ነው።

ነገሩ ሲሰሙት የጨዋታ ያህል ይመስላል። ይሁን እንጂ ወላጆች ለልጃቸው ያወጡትን ስም የመዝገብ ሹም «ጾታን አይገልጽም» ወይም «ጾታን ያሳስታል» እያለ ስለ መለሰው፣ ክርክሩ እስከ አገር ከፍተኛ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ስም ጾታውን ከየት እንደሚያገኝ፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገርም ጾታው ስለ ምን እንደሚለወጥ፣ ጥቂት ስሞችን ተከትለን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት ከራሳችን ቤት መነሣት ይቀላል። የአማርኛ ስም ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው የተናገረው ንግግር ነው። ወላጅ ልጁን «አበበ» ሲለው ስለ ልጁ አንድ ነገር መናገሩ ነው፤ ሴት ልጅ ብትሆን «አበበች» ይላታል። «አየለ» እና «አየለች»፣ «አሰለፈ» እና «አሰለፈች» እንዲሁ ናቸው። ግሡ ስለ ሦስተኛ ሰው የሚናገር ስለ ሆነ፣ የአማርኛ ሰዋስውም በዚህ መደብ ወንድና ሴትን ስለሚለይ፣ ጾታው ከስሙ መጨረሻ ላይ ታትሞ ይገኛል። ሌሎቹ ስሞች ደግሞ ስለ ልጁ ሳይሆን ለልጁ ለራሱ የተነገሩ ናቸው። «ጌታነህ» ማለት ፊት ለፊት ለተቀመጠ ወንድ፣ «ወርቅነሽ» ማለት ፊት ለፊት ለተቀመጠች ሴት የተነገረ ቃል ነው። እዚህም «ነህ» እና «ነሽ» ስለሚለያዩ ስሙን የሰማ ሁሉ ጾታውን ያውቃል።

ነገር ግን አማርኛ ወንድና ሴትን ፈጽሞ የማይለይበት አንድ መደብ አለ፤ እርሱም ተናጋሪው ስለ ራሱ የሚናገርበት ነው። «አየሁ» የሚለውን ቃል ወንዱም ሴቷም በአንድ ዓይነት ይናገሩታል። እንግዲህ ወላጅ ስለ ልጁ መናገሩን ትቶ ስለ ራሱ ሲናገር የሚወጣው ስም ለማንኛውም ልጅ የሚስማማ ይሆናል። «ስንታየሁ» ከዚህ ወገን ነው። ብዙ ነገር ያየው አባትየው ነው ወይም እናትየዋ ናት፤ ሕፃኑ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለበትም። በዚህም ምክንያት ስንታየሁ የሚባሉ ወንዶች አሉ፤ ስንታየሁ የሚባሉ ሴቶችም አሉ፤ ሁለቱም ስማቸውን ያለ አንዳች ለውጥ ይጠሩበታል። የወላጁ ንግግር የልጁን ጾታ እንዲገልጽ የተፈለገ እንደ ሆነ ከፊቱ ሌላ ቃል መጨመር ያስፈልጋል፤ «ወንድምአገኘሁ» እና «እታገኘሁ» የተባሉት ስሞች የተሠሩት በዚህ ዘዴ ነው። የሁለቱም ግሥ አንድ ነው፤ የሚለያቸው «ወንድም» ወይም «እት» ተብሎ ከፊት የተቀመጠው ነው።

ምልክት የሌለበት ሁለተኛው ወገን ባዶውን የቆመ የነገር ስም ነው። «ደስታ» እና «ዓለም» የሚሉት ቃላት በራሳቸው የወንድ ወይም የሴት መለያ የላቸውም፤ ስለዚህ ለሁለቱም ይወጣሉ። ጾታን ለመለየት የፈለገ ወላጅ «ዓለሙ» ወይም «ዓለምነሽ» ብሎ ይጨምርበታል። «ዘውድ» የሚለውም ቃል ለወንድ «ዘውዱ»፣ ለሴት «ዘውዲቱ» ይሆናል።

ከግዕዝ የወረስናቸው የክርስትና ስሞች ደግሞ ምልክታቸውን የሚያኖሩት በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ ነው። ገብረ ማርያም ወንድ ነው፤ ወለተ ጊዮርጊስ ሴት ናት። የእመቤታችን ስም በወንዱ ስም ውስጥ፣ የሰማዕቱ ስም በሴቷ ስም ውስጥ ቢገባም የሚያደናግረው ሰው የለም፤ ምክንያቱም «ገብረ» አገልጋይ ማለት፣ «ወለተ» ሴት ልጅ ማለት በመሆናቸው፣ ጾታውን የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የነበሩት እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበር። ከ1916 እስከ 1930 የነገሡት ንግሥት ዘውዲቱ ደግሞ የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነበር። አንድ የባዕድ አገር ሰው ግን በስሙ መጨረሻ ላይ «ጊዮርጊስ» የሚል አይቶ እቴጌይቱን ወንድ ናቸው ብሎ ቢገምት ሊፈረድበት አይገባም። እርሱ ምልክቱን የፈለገው የራሱ ቋንቋ በሚያኖርበት ቦታ ነው።

እንዲህ ያለውን ለማየት ከአገራችን ድንበር መውጣትም አያስፈልግም። በአማርኛ በስም መጨረሻ ላይ የሚሰማው ካዕብ ድምፅ፣ በ«ዓለሙ»፣ በ«ወርቁ» እና በ«ዘውዱ» እንዳየነው፣ ብዙውን ጊዜ የወንድ ምልክት ነው። በኦሮምኛ ግን «ቱ» የሚለው መጨረሻ የሴት ምልክት ነው። ጫላ ወንድ ነው፤ ጫልቱ ሴት ናት። በ1992 በባርሴሎና የኦሊምፒክ ጨዋታ በ10 ሺህ ሜትር ሩጫ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ ስሟም የአባቷም ስም በአንድ ድምፅ ያበቃሉ። ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያው የሴት፣ ሁለተኛው የወንድ ስም መሆኑን ወዲያው ይለያል፤ ቋንቋውን የማያውቅና በአማርኛ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ሰው ግን ሁለቱንም ለወንድ ሊሰጣቸው ይችላል። በአንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ጸሓፊዎች መካከል እንኳ አንድ ድምፅ ሁለት ትርጉም አለው ማለት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሰዋስው ስለሚሠራው ሥራ ነው። ሰዋስው ዝም ባለበት ቦታ ግን የሚፈርደው ልማድ ነው። ለዚህ «አልማዝ» ከሚለው ስም የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ቃሉ ጥንተ ነገሩ ከግሪክ ነው፤ «አዳማስ» ማለት የማይበገር፣ የማይሸነፍ ማለት ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ዐረብኛና ወደ ፋርስኛ ተሻግሮ የከበረው ድንጋይ መጠሪያ ሆነ። እየተሻገረ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ወደ መካከለኛው እስያም ሄዷል። በእኛ አገር አልማዝ የሴት ስም ነው። ቃሉ ላይ የሴት ምልክት አንድም የለበትም፤ «ች» የለውም፤ «ነሽ» የለውም፤ ሴት ያደረገው ልማዳችን ብቻ ነው። በኪርጊዞችና በታታሮች ዘንድ ግን አልማዝ የወንድ ስም ነው። የእነርሱ ቋንቋ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ዝምተኛ ነው፤ «እርሱ» እና «እርሷ» የሚሉትን እንኳ በአንድ ቃል ብቻ ስለሚጠራ፣ ስም ላይ የሚለጠፍ የጾታ ምልክት ከሰዋስው አይገኝም።

በነሐሴ ወር 2016 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ አልማዝ አያና 10 ሺህ ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ከ45 መቶኛ ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ የኪርጊዝስታን ርእሰ ብሔር የነበሩት አልማዝቤክ አታምባየቭ የሚባሉ ሰው ነበሩ። «ቤክ» በዚያ አገር ጌታ ወይም መኮንን ለማለት ሲነገር የቆየ የማዕርግ ቃል ነው፤ በስም ላይ ሲጨመር የወንድ ስም መሆኑን ያጸናል። በእኛ ግዕዝ «ገብረ» ከፊት ሆኖ የሚሠራውን ሥራ በዚያ «ቤክ» ከኋላ ሆኖ ይሠራዋል። አንድ ቃል ለኢትዮጵያዊቱ ሯጭና ለኪርጊዙ መሪ እኩል ሊያገለግል የቻለው እንዴት ነው? የድንጋዩ ሁለት ጠባይ ነገሩን የሚገልጠው ይመስላል። አልማዝ ያበራል፤ ደግሞም ከሌላው ድንጋይ ሁሉ ይጠነክራል። እኛ ከወርቅና ከእንቁ ጋር ከጌጥ ወገን ቈጠርነው። በመካከለኛው እስያ ግን ብረት ማለት የሆነው «ቴሚር» የታወቀ የወንድ ስም ነው፤ አልማዝም ከብረት ጋር ከጽኑ ነገሮች ወገን ተቈጥሮ ይሆናል። የቃሉ ትርጉም በሁለቱም አገር አልተለወጠም፤ እንግዲህ ጾታውን የሰጠው ትርጉሙ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ አንድሬያ እንመለስ። ይህ ስም ከአልማዝ የሚለየው በላዩ ላይ ምልክት ያለበት መሆኑ ነው፤ ችግሩም ምልክቱ በተለያየ አገር በተለያየ መንገድ መነበቡ ነው። የስሙ ሥር በግሪክ ቋንቋ ወንድ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «አንድሬያስ» የሚለው ስም ወጣ፤ የሐዋርያው የጴጥሮስ ወንድም የተጠራበት ስም ነው። ትርጉሙን ከተከተልን በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የወንድ ስም አይገኝም። የግሪክ ሰዋስው ብዙ የወንድ ስሞችን በ«ስ» ይዘጋል፤ ስለዚህ በዚያ ቋንቋ የወንድነቱ ማኅተም ያች የመጨረሻዋ «ስ» ነበረች።

በአክሱም ዘመን መጻሕፍት ቅዱሳት ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲተረጐሙ ይህች «ስ» ከስሞቹ ጋር አብራ መጣች። እንድርያስ፣ ሉቃስ፣ ኤልያስ፣ ኤርምያስ፣ ዘካርያስ፣ ማትያስ የምንላቸው ስሞች ሁሉ የግሪክን መጨረሻ እስከ ዛሬ ይዘው ይኖራሉ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ በመጀመሪያ የዕብራይስጥ ስሞች ነበሩ፤ በዕብራይስጡ ግን «ስ» አልነበረባቸውም፤ የጨመረችባቸው ግሪክ ናት። በኢጣልያ ምድር የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። የላቲን ቋንቋ ቀስ በቀስ ወደ ኢጣልያንኛ ሲለወጥ በቃል መጨረሻ ላይ የነበረችው «ስ» ከሰው አፍ ጠፋች። በዚህም ሉቃስ «ሉካ»፣ ኤልያስ «ኤሊያ»፣ ዘካርያስ «ዛካሪያ»፣ ማትያስ «ማቲያ»፣ እንድርያስም «አንድሬያ» ሆነው ቀሩ። የወንድነት ማኅተማቸው ወደቀ፤ የቀረው ባዶ የ«አ» ድምፅ ነው።

ይህ ድምፅ ደግሞ በዚያው በኢጣልያንኛ አብዛኛውን ጊዜ የሴት ምልክት ነው። ማርዮ ወንድ፣ ማሪያ ሴት፤ ፓውሎ ወንድ፣ ፓውላ ሴት ይባላሉ። ኢጣልያኖች ግን አንድሬያንና ሉካን ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱ ስለ ሆኑ ግራ አይገባቸውም። የጄኖቫው የባሕር ጦር አዛዥ አንድሬያ ዶሪያ፣ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ታላቁ የሕንፃ ሊቅ አንድሬያ ፓላድዮ በስማቸው ምክንያት ሴት መስለው የታዩት ሰው አልነበረም። በኢጣልያ አገር የሰዋስውን ደንብ ልማድ አሸንፎታል።

ከአልፕስ ተራራ ወዲያ ማዶ ያሉ ሕዝቦች ግን በሌላ መንገድ ሄዱ። ጀርመኖች ለወንዱ አንድሬያስ የሚለውን ከነ«ስ»ው ጠበቁት፤ ሀንጋሮች «አንድራሽ» አሉት፤ እንግሊዞች «አንድሩ» አሉት። ከዚያ በኋላ ለሴት ልጅ የሚሆን ተጓዳኝ ስም ሲፈለግ፣ ከአሌክሳንደር አሌክሳንድራ እንደ ወጣች፣ «አ» የሚለው መጨረሻ ለሴቷ ተሰጠና እርሷም አንድሬያ ተባለች። እንግዲህ በሮማ ያለው አንድሬያ «ስ»ው በዘመን ብዛት የወደቀችበት ወንድ ነው፤ በበርሊን ያለችው አንድሬያ ግን ታስቦበት በሴት መጨረሻ የተሠራች ስም ናት። ሁለት የተለያዩ መንገዶች በአንድ አጻጻፍ ላይ ተገናኙ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ታሪካቸው ግን ሁለት ነው።

ሰዎች በየአገራቸው ተቀምጠው በኖሩበት ዘመን ይህ ሁሉ ማንንም አላስቸገረም። ስም ከሰው ጋር ድንበር መሻገር ሲያበዛ ግን ጥያቄው በመዝገብ ሹሞች ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። በጀርመን አገር ለመዝገብ ሹሞች የተጻፈ የአሠራር መመሪያ ነበረ። መመሪያው የልጅ ስም ጾታን የሚያሳይ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ስሙ ለወንድም ለሴትም የሚሆን ከሆነ ጾታውን የሚለይ ሁለተኛ ስም እንዲጨመርበት ያዛል። አንድ የታወቀ ልዩ ፈቃድ ግን ነበረበት፤ «ማሪያ» የሚለው ስም በተጨማሪ ስምነት ለወንድ ልጅ ሊሰጥ ይችላል። ይህም በካቶሊካውያን ዘንድ የቆየ ልማድ ስለ ሆነ ነው፤ የሙዚቃው ደራሲ ካርል ማሪያ ፎን ቬበር፣ ባለቅኔው ራይነር ማሪያ ሪልከም በዚህ ልማድ የተሰየሙ ናቸው። እኛ «ገብረ»ን ከፊት አስቀድመን የፈታነውን ጉዳይ እነርሱ የወንዱን ስም ከፊት በማስቀደም ፈቱት።

የሕንድ ዝምድና ያላቸው አንድ ባልና ሚስት በጀርመን አገር ሴት ልጃቸውን «ኪራን» ብለው ሰየሟት። ኪራን ማለት የብርሃን ጨረር ማለት ነው። የቃሉ ታሪክ ራሱ ከጉዳያችን ጋር ይገጥማል፤ በጥንቱ በሳንስክሪት ቋንቋ ቃሉ በወንድ ጾታ የሚነገር ነበር፤ ከሳንስክሪት በወጣው በሂንዲ ግን በሴት ጾታ ይነገራል። በሕንድ አገር ስሙ ለሁለቱም ይወጣል። በ1972 በአገሪቱ የፖሊስ መኮንንነት አገልግሎት የመጀመሪያዋ ሴት ሆና የገባችው ኪራን ቤዲ ሴት ናት፤ የክሪኬት ተጫዋቹ ኪራን ሞሬ ወንድ ነው። የጀርመኑ የመዝገብ ሹም መመሪያውን ከፍቶ አየና ይህ ስም ጾታን አያሳይም፤ ሴት መሆኗን የሚገልጽ ሁለተኛ ስም ይጨመር አለ። ወላጆቹ አንጨምርም አሉ። ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ዳኞቹ ለሹሙ ፈረዱለት፤ በመጨረሻ ለሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ቀረበ።

ይህ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 5 ቀን 2008 የሰጠው ውሳኔ በተለይ በመሥሪያ ቤት ለሚያገለግል ሰው ሊጤን የሚገባው ነው። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ጥያቄ «ኪራን የሴት ስም ነው ወይስ የወንድ?» የሚል አልነበረም። «ስም ጾታን ማሳየት አለበት የሚለው ትእዛዝ በየትኛው ሕግ ተጽፏል?» የሚል ነበር። ቢፈለግ በማንኛውም ሕግ ውስጥ አልተገኘም። የተገኘው በመመሪያው ውስጥ ብቻ ነው፤ መመሪያ ደግሞ የሹሙን አሠራር ያቀናል እንጂ ሕግ ያልከለከለውን የወላጅ መብት ሊከለክል አይችልም። ሹሞቹ ለብዙ ዘመን እንደ ሕግ ያከበሩት ነገር የራሳቸው የአሠራር ልማድ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም ውሳኔው ወሰን አለው። ስሙ የልጁን ደኅንነት የሚጎዳ ከሆነ፣ ይኸውም ልጁ ከገዛ ጾታው ጋር ራሱን ሊያስማማበት የማይችል ስም ከሆነ፣ መንግሥት ጣልቃ ሊገባ ይችላል። ለሁለቱም ጾታ የሚሆን ስም ግን እንዲህ ያለ ጉዳት አያደርስም ተባለ።

በኢጣልያ የተነሣው ክርክር ከዚህ የከበደ ነበር፤ በዚያ ነገሩ በመመሪያ ሳይሆን በደንብ ተጽፏልና። የ2000ው የመዝገብ ደንብ ለሕፃን የሚሰጠው ስም ከጾታው ጋር የሚስማማ መሆን አለበት ይላል። ወላጆች ለሴት ልጃቸው አንድሬያ የሚል ስም ባወጡ ጊዜ የታች ፍርድ ቤቶች ይህ የወንድ ስም ነውና መዝገቡ ይታረም ብለው ወሰኑ። የሰበር ፍርድ ቤት በ2012 ዓመት በኖቬምበር ወር ይህን ውሳኔ ሻረው። ደንቡን ግን አልሻረም። ያለው፣ ስሙ በብዙ አገሮች ለሴት የሚወጣ መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በኢጣልያም ቢሆን እንግዲህ የወንድ ብቻ ነው ሊባል አይችልም፤ ለሴት ልጅ ቢሰጥም አያዋርዳትም የሚል ነው።

ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ልዩነታቸው ግልጽ ይሆናል። የጀርመኑ ፍርድ ቤት ስም ጾታን እንዲያሳይ የሚያዝ ሕግ የለም አለ። የኢጣልያው ፍርድ ቤት የሚያዘው ደንብ ስለ ነበረ፣ ደንቡ እንደ ቆመ ነው፤ የስሙ ጾታ ግን ከዘመን ጋር ተለውጧል አለ። ይህ ሁለተኛው አነጋገር የቋንቋ ሊቃውንት የሚያውቁትን እውነት በፍርድ መዝገብ ላይ ያሰፈረ ነው። የስም ጾታ ከስሙ ሥር የሚወጣ ሳይሆን በስሙ የሚጠሩት ሰዎች የሚሰጡት ነው። ሥሩ «ወንድ» ማለት የሆነ ስም እንኳ ሴቶች በበዙበት አገር የሴት ስም ይሆናል።

ይህ ሁሉ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ምን ሥራ አለው ያልን እንደ ሆነ፣ የኢትዮጵያውያን ስም ወደ ውጭ ሲሄድ የሚደርስበትን እንመልከት። በአውሮፓ ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ስም ነው፤ በእኛ ግን የአባት ስም ነው። ስንታየሁ ከበደ የምትባል ሴት ብትኖር የመጀመሪያው ስም ጾታዋን አይናገርም፤ ሁለተኛው ስም ደግሞ ስለ አባቷ እንጂ ስለ እርሷ አይናገርም። ባልም ብታገባ የአባቷን ስም እንደ ያዘች ትኖራለች። የውጭ አገር ጸሓፊ «ክቡር አቶ ከበደ» ብሎ ቢጽፍላት፣ መልእክቱ በስሙ ለተጠራው ለአባቷ የተላከ ያህል ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ «ደስታ» ደግሞ በ«አ» ስለሚያበቃ፣ በኢጣልያ ወይም በእስፓኝ ሰው ዓይን ሳይጠየቅ የሴት ስም ሊመስል ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን ያ «አ» የቃሉ አካል ነው እንጂ ምልክት አይደለም፤ ራስ ደስታ ዳምጠውን የመሰለ የጦር ሰው የተጠራበት ስም ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ግምትን መተው ነው። በማመልከቻና በመታወቂያ ላይ ጾታ በተለየ ቦታ የሚጻፈው፣ ከስም ፊትም «አቶ»፣ «ወይዘሮ»፣ «ወይዘሪት» የሚባለው፣ ስሙ ብቻውን ምስክር ሆኖ ስለማይበቃ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ ሲዘጋጅ ይህ የማዕርግ ቃል እንዳይቀር መጠንቀቅ፣ ሁለተኛውም ስም የአባት ስም መሆኑን መግለጽ ብዙ መደናገርን ያስቀራል። ከውጭ ለመጣ ስም ደግሞ ጾታው ከሌላ ጽሑፍ እስኪረጋገጥ ድረስ ስሙን ሙሉውን ያለ ማዕርግ ቃል መጻፍ በተሳሳተ ማዕርግ ከመጥራት ይሻላል።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ብዙ ቋንቋዎች የሌላቸው አንድ መውጫ አለው። «አመልክቷል» ወይም «አመልክታለች» ስንል ጾታን ለመወሰን እንገደዳለን። «አመልክተዋል» ስንል ግን ባለጉዳዩን በማክበር አንቱ ማለታችን ነው፤ አክብሮቱም ወንድና ሴትን አይለይም። «እርስዎ» እና «እሳቸው» የሚሉትም ቃላት እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ማንነቱን ገና ላላወቅነው ሰው በአክብሮት የጻፍን እንደ ሆነ፣ ስሙ ስንታየሁ ቢሆን ወይም አንድሬያ፣ ደብዳቤያችን በጾታ ስሕተት የሚወድቅበት ቦታ አይኖርም።